ከቃለ መጠይቅ በኋላ ምን ብሎ መጻፍ፣ መቼ መደወል

ሥራው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ከቃለ መጠይቅ ክፍል ሲወጣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ይወጣል፤ «ውጤቱን መቼ አካባቢ ልጠብቅ?» የሚለውን። መጠየቁ ድፍረት ይመስለዋል፣ ወይም ፈታኞቹን ማስቸኮል ይመስለዋል። ከዚያ ደሴ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲያይ ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን መደወል ያምረዋል፤ በአምስተኛው ይደውላል፤ በሰባተኛው በሌላ ሰው ስልክ ይደውላል። ችግሩ የሚጀምረው ከደወለበት ቀን ሳይሆን ቀን ሳይዝ ከወጣበት ሰዓት ነው። ቀን የያዘ ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል። ቀን ያልያዘ ሰው ግን የጭንቀቱን ልክ እየተከተለ ይደውላል፤ ጭንቀቱ ደግሞ ከድርጅቱ አሠራር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ተደርጎ መልስ ሲጠበቅ ስላለው ጊዜ። ምሳሌዬም አንድ ነው። ደሴ የምትኖር የሂሳብ ምሩቅ ኮምቦልቻ ባለ የግል ፋብሪካ ለመጋዘን ሠራተኛ ቦታ አመልክታለች። ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቃለ መጠይቅ አድርጋለች። የቤት ኪራይ አለባት፣ ከእሷ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፣ ሥራውን አጥብቃ ትፈልገዋለች። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄው ይሄን እውነት የት ታስቀምጠዋለች ነው።

በመጀመሪያ በዚያኛው በኩል ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ይረዳል፤ ዝምታው ብዙ ጊዜ ከአመልካቹ ጋር አይገናኝም። ፈታኞቹ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ከሆኑ ወረቀቱ እሳቸውን ይጠብቃል። ከተፈረመ በኋላ አንደኛ የወጣው ሰው ይጠራል፤ እሱ ደመወዙን አይቶ ሊያስብበት ሁለት ሦስት ቀን ይጠይቃል፣ ወይም ካለበት ቦታ መልቀቂያ እስኪያገኝ ይዘገያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰው ኃይል ክፍሏ ባለሙያ ለሁለተኛዋና ለሦስተኛው «አልተሳካም» ማለት አትችልም፤ አንደኛው እምቢ ካለ ትፈልጋቸዋለች። «ገና ነው» የምትለውም ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። ሐምሌ 2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ አመልካቹም ቀጣሪውም በዝቷል። ያቺ ባለሙያ በአንድ ጊዜ የምትይዘው የአንድ ቦታ ቅጥር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ስም ብቻ ተጽፎ የመጣ መልእክት የማን እንደሆነ ላታስታውስ ትችላለች።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት ጠይቃለች፤ «እስከሚቀጥለው ዓርብ እናሳውቃለን» ተብላለች፤ ዓርቡ ጥቅምት 21 ነው። ሌላም ነገር ይዛ ወጥታለች፤ በማን በኩል መጠየቅ እንደምትችል። «ለጥያቄ ካስፈለገኝ ለእርስዎ ብደውል ይሻላል ወይስ መልእክት ብልክ?» ብላለች፣ የሰው ኃይል ባለሙያዋ «ቴሌግራም ላይ ጻፊልኝ» ብላታለች። በዚህች አጭር ንግግር በኋላ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ፈቃድ ያለው አድርጋዋለች።

የመጀመሪያው መልእክት የሚላከው በማግስቱ ጠዋት፣ ረቡዕ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የምስጋና መልእክት መላክ ብዙ የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ ረጅምና የተጌጠ ሆኖ ከመጣ ያስደነግጣል። ዋጋ የሚኖረው ስለ ሥራው አንድ ነገር ሲይዝ ነው። ልጅቷ የተጠየቀችው ጥያቄ ነበር፦ «ቢን ካርዱ 120 ፍሬ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 114 ነው፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ቢን ካርድ የአንድ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚሰፍርበት የመጋዘን ካርድ ነው። እሷ ደንግጣ «ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ» ብቻ ብላ አለፈች። መልሱ ስህተት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። ለማሳወቅ የሚያበቃው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ እንዲህ ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። ትናንት ማክሰኞ ለመጋዘን ሠራተኛ ቦታ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት እገሊት ነኝ። ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ካርዱ 120፣ መደርደሪያው 114 ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ ለተባልሁት መልሴን ላሟላ፦ ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ ደግሜ እቆጥራለሁ፤ ካርዱ ላይ ያልሰፈረ የወጪ ሰነድ እንዳለ አያለሁ፤ ካላገኘሁ ካርዱን ሳልነካ ልዩነቱን በጽሑፍ አሳውቃለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

የዚህ መልእክት ጥቅም አንብቦ ከመደሰት ያለፈ ነው። ባለሙያዋ የቅጥሩን ውሳኔ ብቻዋን አትወስንም፤ የመጋዘን ኃላፊው አለ። ይሄን መልእክት «እያት እስቲ ይቺን» ብላ ልታሳየው ትችላለች። የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው ጉድለት ሲያጋጥም በዝምታ ካርዱን አስተካክሎ የሚያልፍ ሠራተኛ ነው፤ «ካርዱን ሳልነካ» የሚለው ሐረግ ለእሱ የተጻፈ ያህል ይገባዋል። እያንዳንዱን መልእክት ከመላካችሁ በፊት በዚህ መዝኑት፦ ተቀባይዋ ለአለቃዋ አሳልፋ ልታሳየው የምትችለው ነው ወይ? «እባክዎ ያለብኝን ችግር አይተው ይርዱኝ» የሚል መልእክት ለማንም አይታይም። እሷ ዘንድ ይቀራል፤ ምናልባት ታዝናለች፣ ግን በሐዘኗ የምታደርገው ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሲጮህ ለማንሳት ይከብዳታል።

ያመለጠ መልስ ከሌለ አታፍልቁ። «ስለ ሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፣ ስለ ሥራው የገለጹልኝ ነገር ፍላጎቴን አጠንክሮታል» ብሎ ማቆም ይበቃል። ከአንድ በላይ መልስ ማረምም ጥሩ አይደለም፤ ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይመስላል።

አንድ የስልክ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ኤስኤምኤስ በአንድ ክፍል የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ ክፍተቱና ነጥቡም ይቆጠራል፤ ከዚያ ሲያልፍ በ67፣ በ67 እየተከፈለ ይሄዳል። ከላይ ያለው መልእክት አራት ክፍል ይወጣዋል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ክፍሎቹ ተራርቀው ሊደርሱ፣ አንዱም ሊቀር ይችላል። በኤስኤምኤስ ከሆነ የምትጽፉት የቁጥሩን ምሳሌ ትታችሁ ፍሬውን ብቻ አስቀሩ፣ ስማችሁንና የቦታውን መጠሪያም መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉ፤ ስክሪኑ ላይ ሳይከፈት የሚታየው እሱ ነው። ቴሌግራም ከሆነ ድምፅ ቀድታችሁ አትላኩ። ቢሮ ውስጥ ሰው ባለበት ድምፅ መክፈት አይመችም፣ ሳይደመጥ ይቀራል፤ የተጨነቀ ድምፅ ደግሞ ከቃላቱ በፊት ይሰማል።

ሁለተኛው መልእክት የሚላከው ዓርብ ጥቅምት 21 አይደለም። ቀኑ በደረሰበት ዕለት መጠየቅ ቃላቸውን እንደ ዕዳ መያዝ ይመስላል፤ ፊርማውም በዚያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል። ዓርብ በራሱ የማይመች ቀን ነው፤ በመንግሥት ቢሮ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ይዘጋል፣ ብዙው የግል ቢሮም ሶላት የሚሄደው ሄዶ፣ ጾመኛው ጾሙን ይዞ ከምሳ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ስብሰባ ነው። ማክሰኞ ጥቅምት 25 ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትልከዋለች። ቀን ያልተነገራችሁ ከሆነ ከቃለ መጠይቁ በኋላ አንድ ሙሉ ሳምንትና ሁለት የሥራ ቀን አሳልፋችሁ ላኩት፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ የሚነገር አዲስ ነገር አይኖርም።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። ጥቅምት 11 ለመጋዘን ሠራተኛ ቦታ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት እገሊት ነኝ። የቅጥሩ ጉዳይ ምን ላይ እንደደረሰ ለመጠየቅ ነው። ከእኔ የሚፈለግ ተጨማሪ ሰነድ ካለ ዝግጁ ነው፤ የዋሴም ደብዳቤ በእጄ አለ። መልካም ሳምንት ይሁንልዎ።»

ስለ ዋሱ የተጻፈው ለማስዋብ አይደለም። ለገንዘብ ያዥና ለመጋዘን ሠራተኛ ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት። ደብዳቤው ደግሞ በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። አንደኛ የወጣው ሰው ዋስ አጥቶ ሲንከራተት ሁለተኛዋ ደብዳቤዋን ይዛ መቀመጧ ለፋብሪካው እውነተኛ ወሬ ነው። ያለቀ ነገር ከሆነ ብቻ ጻፉት። «ዋስ እፈልጋለሁ» እያላችሁ «ዝግጁ ነው» ብትሉ ነገ አምጪ ስትባሉ ትጋለጣላችሁ። ፋይዳችሁን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁንና የዲግሪያችሁን ኮፒ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መጥቀስ ግን አያስፈልግም፣ እነዚያ ከማንኛውም ሠራተኛ ይጠበቃሉ።

ይሄንኑ መልእክት ጭንቀት ሲጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም ወይዘሮ እገሊት እስካሁን ስላልደወላችሁልኝ በጣም ተጨንቄያለሁ። በእግዚአብሔር ይሁንብዎ ቢሆንም ባይሆንም ንገሩኝ። ቤተሰብ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሌላም ክፍት ቦታ ካለ ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ፣ ደመወዙም አያሳስበኝም።»

እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ያበላሻል። «ስላልደወላችሁልኝ» ወቀሳ ነው። «ቢሆንም ባይሆንም ንገሩኝ» መልስ መስጠት የማትችልን ሰው መልስ ማስገደድ ነው፤ ከላይ እንዳልሁት አንደኛው እስኪፈርም ድረስ «አልሆነም» አትልም። «ማንኛውንም ሥራ» ሲባል ለመጋዘኑ ሥራ የተነገረው ፍላጎት ሁሉ ይጠፋል፤ ፈታኞቹ በልባቸው «የተሻለ ስታገኝ ትሄዳለች» ይላሉ። «ደመወዙም አያሳስበኝም» ደግሞ ገና ያልተከፈተን ድርድር በራስ ላይ መዝጋት ነው፤ ሥራው ቢገኝ እንኳ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ይጻፍላችኋል። ስለ ቤተሰብ የተጻፈው ብቻ ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ እኔ ግን እሱም ይቅር እላለሁ። ከቃለ መጠይቁ የተረፉት ሦስት ሰዎች ሁሉ ቤተሰብ አላቸው፣ ባለሙያዋም ያንን ታውቃለች፤ በቤተሰብ መምረጥ ግን ሥልጣኗ አይደለም።

ሙቀት ግን ሊኖር ይገባል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ሳያዳርሱ ወደ ጉዳይ መግባት ቁጣ ይመስላል። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ መጀመር፣ በአንድ ምርቃት መጨረስ በቂ ነው። ምርቃቱ ሦስትና አራት ሲሆን ልመና ይሆናል። ከስም ተነስቶ ሃይማኖትን መገመትም እዚህ አገር አያስተማምንም፤ አንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለና «መልካም ሳምንት» እና «ቸር ያሰንብትዎ» ለሁሉም ይሆናሉ። የበዓል ሰላምታ ምስል ለባለሙያዋ መላክ፣ በፌስቡክ ወዳጅነት መጠየቅ፣ ፎቶዋን መውደድ ግን ሙቀት አይደለም። ያ የሥራ ሰዎች ሆናችሁ ሳትተዋወቁ ወደ ግል ኑሮዋ መግባት ነው፤ ወጣት ሴት አመልካች ለወንድ ኃላፊ ስታደርገው ደግሞ እሷን ለማይገባ ነገር በር የሚከፍት ይሆናል። በሥራ ሰዓት፣ በተሰጣችሁ ቁጥር፣ ስለ ሥራው ብቻ ጻፉ።

አሁን ወደ ስልኩ። መልእክቱ ላይ ሁለት ምልክት ታይቷል፣ መልስ ግን የለም። አንብባ ዝም ማለቷ «አይሆንም» አይደለም፤ የምትለው ስላጣች ነው። ልጅቷ ወዲያው አትደውልም። የጥቅምት መጨረሻ ቀናት የደመወዝ ዝርዝር የሚሠራባቸው ናቸው፣ የሰው ኃይል ክፍል በዚያ ሰሞን ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ሐሙስ ኅዳር 4 ጠዋት ትደውላለች። አንድ ጊዜ፣ በራሷ ቁጥር። ካልተነሳ በዚያ ቀን አትደግምም፤ ሚስኮልም አታደርግም። የሚነሳ ከሆነ ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ እገሊት ነዎት?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«እገሊት እባላለሁ፣ ጥቅምት 11 ለመጋዘን ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት ነኝ። አሁን ይመቻል ወይስ ሌላ ሰዓት ልደውል?»

«ምንም አይደል፣ ቶሎ በይ እስቲ።»

«የቅጥሩ ጉዳይ ምን ላይ እንደደረሰ ለመጠየቅ ነው።»

«ፊርማ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አልተመለሱም።»

«እሺ፣ ገባኝ። መቼ አካባቢ ብጠይቅ ይሻላል?»

«እኛው እንደውላለን።»

«አመሰግናለሁ። እስከ ኅዳር 15 ካልሰማሁ አንድ አጭር መልእክት እጽፋለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ከዚህ ንግግር ውስጥ ሁለቱ ቦታዎች ናቸው የሚከብዱት። አንደኛው «ገባኝ» ካሉ በኋላ ዝም ማለት ነው። የተጨነቀ ሰው እዚያ ላይ «እና ምን ይመስልሻል፣ ተስፋ አለኝ?» ይላል። ለዚህ መልስ መስጠት አትችልም፤ ብትሰጥም በኋላ ይጠየቅባታል። ሁለተኛው «እኛው እንደውላለን» ከተባለ በኋላ የራስን ቀን መናገር ነው። ቀኑን ስትናገሩ የሚቀጥለው መልእክት ድንገት አይሆንባትም፣ እናንተም እስከዚያ ድረስ ስልኩን ለመተው ምክንያት ታገኛላችሁ።

የምትሰጠው መልስ ራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ። «ፊርማ ላይ ነው» ከተባለ ምርጫው ተደርጓል፤ የምትጠብቁት ማን እንደተመረጠ ነው። «ተጠባባቂ ነሽ» ከተባላችሁ ቁጥሩን በትሕትና ጠይቁ፦ «ስንተኛ ተጠባባቂ እንደሆንሁ ማወቅ ይቻላል?» አንደኛ ተጠባባቂና ሦስተኛ ተጠባባቂ አንድ አይደሉም። «እንደውላለን» ብቻ ተብሎ ከተዘጋ፣ ድምፁም ከቀደመው ቀዝቀዝ ካለ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ተጠርቷል። ያኔ መጠየቅ አቁማችሁ ሌሎች ማመልከቻዎችን ግፉ። እነዚህን መልሶች በደብተር ያዟቸው፤ ቀኑን፣ ማን እንዳናገራችሁን፣ ያለቻችሁን ቃል በቃል፣ ቀጥሎ የምትጽፉበትን ቀን። ስድስት ሰባት ቦታ ያመለከተ ሰው ይሄን ካልያዘ የአንዱን ቀን ከሌላው ያቀላቅላል፤ በዚያ ላይ የደብተሩ አራተኛ ዓምድ ከዚያ ቀን በፊት እንዳትደውሉ የሚይዛችሁ እሱ ነው።

ሌላ ቅጥር ከመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። እውነተኛ ጥሪ ካላችሁ ቀኑን ሳትጠብቁ መጻፍ ትችላላችሁ፤ «ሌላ መሥሪያ ቤት እስከ ሐሙስ መልስ እንድሰጥ ጠይቆኛል። የእናንተን ቦታ ስለምመርጥ ከመወሰኔ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው» ማለት ተገቢ ነው። ያልመጣ ጥሪ ፈጥሮ ማስቸኮል ግን ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ አያዋጣም። የሰው ኃይል ሰዎች ይተዋወቃሉ፣ «የት ነው የጠሩሽ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ስለ ሰው መላክ መነጋገር አለብን፤ እዚህ ብዙ ቅጥር የሚበላሸው በመልእክት ሳይሆን በአጎት ነው። አጎትዬው ሥራ አስኪያጁን በእድር ወይም በመስጊድ ያውቃቸዋል፣ «እኔ አናግራቸዋለሁ፣ አብሽሪ» ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ነጥቡ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ቃል ሁለት መንገድ ይጎዳል። ሥራ አስኪያጁ አድልዎ እንዳይባሉ ሲሉ ይተዉአችኋል፤ ወይም ይቀጥሯችሁና የመጋዘን ኃላፊው በላዩ የተጫነችበት ሰው አድርጎ ያያችኋል። ንብረት በሚቆጠርበት ክፍል ከኃላፊ ጋር በጥርጣሬ መጀመር ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው ጉድለት በእናንተ ስም ይጻፋል። ከዘመድ መጠየቅ የሚቻለው መረጃ ነው፤ ቦታው ገና ክፍት ነው ወይ፣ ሥራ አስኪያጁ መቼ ይመለሳሉ። «ስለ እኔ ንገርልኝ» አይባልም። ገንዘብ ጠይቆ «እኔ አስጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው፣ የበር ጥበቃም ይሁን ደላላ፣ አጭበርባሪ ነው፤ የቅጥር ውሳኔ በእጁ የለም።

በአካል መሄድስ? ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ አለና መሄዱ ቀላል ይመስላል። ሰነድ አምጪ ተብላችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ሰነዱን ስጡ፣ ሰላም ብላችሁ ውጡ። ሳትጠሩ «ለመጠየቅ ነው የመጣሁት» ብላችሁ በር ላይ መቆም ግን ደጅ መጥናት ነው። ጥበቃው ደውሎ «አንዲት ልጅ ቆማለች» ይላል፣ ባለሙያዋ ሥራዋን ትታ ትወጣለች ወይም «የለችም በላት» ትላለች። ሁለቱም የምትፈልጉት አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። ውጤት የሚለጠፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ስለሆነ ሄዶ ማየት የማንም መብት ነው። እዚያ ለፈታኝ የምስጋና መልእክት መላክ ደግሞ ከእጅ መንሻ ሊቆጠር ይችላልና ይቅር፤ ቅሬታ ካለም ከውጤቱ ጋር በተለጠፈው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ኅዳር 15 ደረሰ፣ ጻፈች፣ መልሱ መጣ፦ «ለጊዜው ሌላ ሰው ተቀጥሯል፤ አንደኛ ተጠባባቂ ነሽ።» ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ይጠፋል ወይ ለምን ብሎ ይጽፋል። እሷ የጻፈችው ይሄን ነው፦

«ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቦታው ቢከፈት ወይም ተመሳሳይ ሥራ ቢመጣ ዝግጁ ነኝ፤ ቁጥሬ ይሄው ነው። ቸር ያሰንብትዎ።»

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሕጉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ወገን ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። የተቀጠረው ሰው ኅዳር 8 ቢጀምር፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ የገናና የጥምቀት በዓል ሲጨመር ከጥር አጋማሽ ያልፋል። ሰው የሚሄደው ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ ነው። የፈረቃው ሰዓት ይከብደዋል፣ ትራንስፖርቱ ደመወዙን ይበላበታል፣ ዋሱ አይሟላለትም፣ ወይም የተሻለ ያገኛል። ያኔ ፋብሪካው እንደገና ማስታወቂያ ከማውጣት ተጠባባቂዋን መጥራት ይቀለዋል። ስለዚህ በዚህ መሐል አንድ መልእክት፣ አንድ ብቻ፣ ቦታ አለው። ማክሰኞ ታኅሣሥ 21 ከበዓሉ ግርግር በፊት ትልካለች፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። በመጋዘን ሠራተኛ ቦታ ተጠባባቂ የሆንሁት እገሊት ነኝ። በዚህ መሐል የኤክሴል የንብረት መዝገብ አያያዝ ሥልጠና ጨርሻለሁ። ቦታ ቢከፈት በሁለት ቀን ውስጥ ሥራ መጀመር እችላለሁ። መልካም በዓል ይሁንልዎ።»

አዲስ ነገር ከሌለ የሥልጠናውን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ጣሉት፣ የቀረው ይበቃል። «በሁለት ቀን ውስጥ» የሚለውን ግን ያዙት። «አሁኑኑ፣ ዛሬም» ከሚለው ይሻላል፣ ለእሷም የምታቅድበት ቁጥር ነው።

የቀረው ጥሪው ሲመጣ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ከፋብሪካው የሚደወለው ብዙ ጊዜ በ033 በሚጀምር የቢሮ ስልክ ነው። ካመለጣችሁ መልሳችሁ ስትደውሉ የሚያነሳው ኦፕሬተር ነው፣ ማን እንደደወለላችሁ አያውቅም። «ማነው የደወለልኝ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ከሰው ኃይል ክፍል ተደውሎልኝ ነበር፣ ለመጋዘን ሠራተኛ ቦታ ያመለከትሁ ነኝ፣ ያገናኙኝ» በሉ። ካልተገናኛችሁ በቴሌግራም «አሁን ከቢሮ ስልክ ተደውሎልኝ አመለጠኝ፤ እስከ 11፡30 በዚሁ ቁጥር እገኛለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ስልካችሁ ቤት ውስጥ የጋራ ከሆነ ወንድም እህቶቻችሁ የሚሉትን ንገሯቸው፤ «የለችም» ብሎ መዝጋት ሳይሆን «አሁን ወጥታለች፣ ማን ልበላት፣ በስንት ሰዓት ትደውል?» ብሎ ስሙንና ሰዓቱን መያዝ።